የማያየው አውራ ጣት፦ የሞባይል ጌም ቁልፎች በምን ይለካሉ?

ሞባይል ላይ ጌም ከሚጫወት ሰው አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ አንዲት አቤቱታ ሳይሰማ አይነሳም፦ «ጫንኩት እኮ!» ገጸ ባሕርዩ ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሶ ሳይዘል ቁልቁል ወርዷል፤ ወይም ጠላት ፊት ለፊት ተደቅኖ ጥይት አልወጣም። ተጫዋቹ መጀመሪያ ስልኩን ይወቅሳል፣ ቀጥሎ ኔትወርኩን። አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ እሱኑ ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሦስቱም አይደለም። ተጫዋቹ በእርግጥም ጭኗል፤ ጣቱ ያረፈው ግን ከቁልፉ ጠርዝ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አለፍ ብሎ ነው። ይህን ክፍተት አስቀድሞ መድፈን የጌም ሠሪው ሥራ ነበር።

የፕሌይስቴሽን ወይም የኤክስቦክስ መጫወቻ የያዘ ሰው እንዲህ ዓይነት ችግር እምብዛም አይገጥመውም። አውራ ጣቱ ከቁልፉ ሲንሸራተት የቁልፉ ጠርዝ ያሳውቀዋል፤ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ጣቱን ወደ ቦታው ይመልሳል። የስልክ መስታወት ግን ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው። ቁልፉ ተስሏል እንጂ አልተቀረጸም። የተጫዋቹ ዓይን ስክሪኑ መሀል ያለው ፍልሚያ ላይ ስለሚተከል አውራ ጣቶቹ በጭፍን ይሠራሉ። ዝቅ ብሎ ልይ ቢል እንኳ የሚያየው የራሱን ጥፍር ነው፤ ቁልፉ ከጣቱ ሥር ተሸፍኗል።

ስለዚህ የንክኪ ቁልፍ ንድፍ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። ጣቱ የት ለማረፍ አስቦ የት ያርፋል? ቁልፉ ምን ያህል ይስፋ? ጣቱ ሳይንጠራራ የሚደርሰውስ የቱ ጋ ነው?

ጣት ሰፊ ነው፣ ስልኩ የሚያውቀው ግን አንዲት ነጥብ ነው

አውራ ጣት መስታወት ላይ ሲያርፍ የሚነካው ከጥፍር ያላነሰ ሞላላ ስፋት ነው። ስልኩ ያንን ስፋት መሀሉን ፈልጎ ወደ አንዲት ነጥብ ያጠብበዋል፤ ጌሙ የሚደርሰውም ይህ ነጥብ ብቻ ነው። ችግሩ ሰውየው በሐሳቡ የነካው ነጥብና ስልኩ ያሰላው ነጥብ አንድ አለመሆናቸው ነው። በጀርመን ፖትስዳም ከተማ በሚገኘው ሃሶ ፕላትነር ኢንስቲትዩት ክርስቲያን ሆልዝና ፓትሪክ ባውዲሽ በ2011 ባወጡት ጥናት ምክንያቱን አሳይተዋል። ሰው የሚያነጣጥረው ከላይ በሚታየው የጣቱ ክፍል፣ በተለይም በጥፍሩ አካባቢ ነው፤ መስታወቱን የሚነካው ግን ከሥር ያለው የማይታየው ሥጋ ነው። ጣቱ ሲያዘነብል ወይም ሲጋደም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል።

በዚያው ዓመት ሌላ የጀርመን ተመራማሪ፣ ኒልስ ሄንዘ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ጉዳዩን በሰፊው ለመለካት ቤተ ሙከራ አልፈለገም፤ ጌም ሠራ። ጨዋታው ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉ ክቦችን በፍጥነት መንካት ብቻ ነበር። በአንድሮይድ የመተግበሪያ ገበያ በነፃ ለቀቁት፤ ከ91,000 በላይ ጊዜ ተጭኖ ከ120 ሚሊዮን በላይ ንክኪ ሰበሰበላቸው። ውጤቱ እንዳሳየው ሰው የሚስተው እንደ ዕድሉ አይደለም፤ ስህተቱ አቅጣጫ አለው። ንክኪዎቹ ከታለመላቸው ቦታ ወደ ስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ያደሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ በጌሙ ቀጣይ እትም ላይ እያንዳንዱን ንክኪ በስሌት ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ትንሽ ገፋ አደረጉት። በዚህ ብቻ ስህተቱ በ7.79 በመቶ ቀነሰ፤ ክቦቹ አልሰፉም፣ ተጫዋቹም ምንም አላወቀም።

ከዚህ ለጌም ሠሪ የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። በዓይን የሚታየው ቁልፍና ንክኪ የሚቀበለው ቦታ አንድ መሆን የለባቸውም። የዝላይ ቁልፉ የ15 ሚሊ ሜትር ክብ ሆኖ ሊሳል፣ ንክኪ የሚቀበለው ቦታ ግን በዙሪያው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ሊሰፋ ይችላል፤ የጣት መሳት በሚበዛበት ወገንም ከዚያ በላይ ሊዘረጋ ይችላል። ሥዕሉ ስክሪኑን ሳያጨናንቅ ቁልፉ ይቅር ባይ ይሆናል።

ፒክስል መለኪያ አይደለም

ስለ ቁልፍ ስፋት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አፕል ለመተግበሪያ ሠሪዎች በሚሰጠው መመሪያ አንድ የሚነካ ነገር ከ44 በ44 ነጥብ እንዳያንስ ይመክራል፤ ይህ በአይፎን ላይ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎግል ደግሞ ለአንድሮይድ 48 በ48 «ዲፒ» ይላል። ዲፒ 160ው አንድ ኢንች እንዲሆን የተበጀ መለኪያ ስለሆነ 48 ዲፒ ከ7 ሚሊ ሜትር ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ፔካ ፓርሂ፣ ኤሚ ካርልሰንና ቤንጃሚን ቤደርሰን በ2006 ስልክ በአንድ እጅ ይዘው በአውራ ጣት የሚሠሩ ሰዎችን ፈትነው ከፍ ያለ ቁጥር ላይ ደርሰዋል፦ አንድ ጊዜ ለሚነካ ነገር 9.2 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ስልክ ቁጥር ተከታትሎ ለሚነካ 9.6 ሚሊ ሜትር።

እነዚህ ሁሉ ግን ሰው እያየ፣ ሳይቸኩል ለሚነካው ነገር የተሰጡ ናቸው። የባንክ መተግበሪያ ላይ «ላክ» የሚለውን የሚጫን ሰው ቁልፉን አይቶት ነው። ጌም ውስጥ ግን ተጫዋቹ ሳያይ፣ በጥድፊያ፣ ምናልባትም በላበው ጣት መቶ ጊዜ ይጫናል። ስለዚህ 9 ሚሊ ሜትር ለጌም ወለል ነው፤ ቆም ብለው ለሚነኩት ትንሽ ምልክት ይበቃል። ደጋግሞ ለሚጫን ዋና ቁልፍ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት ግን ቁጥሩን ባለማወቅ አይደለም፤ ቁጥሩን በፒክስል በመጻፍ ነው። 6.6 ኢንች ስክሪን ያላቸው ሁለት ስልኮችን እንውሰድ። በመጠን እኩል ናቸው፤ አንደኛው ርካሽ ሲሆን 720 በ1600 ፒክስል አለው፤ ሌላው ወደድ ያለና 1080 በ2400 ፒክስል ያለው ነው። በመጀመሪያው ስልክ አንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 10.5 ያህል ፒክስል ይገባል፤ በሁለተኛው ግን 15.7። ሠሪው በርካሹ ስልክ እየሞከረ የዝላይ ቁልፉን 100 ፒክስል ቢያደርገው ስፋቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ይሆንለታል፤ ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። ያው ቁልፍ ውዱ ስልክ ላይ 6.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። «ጌማችሁ በጥሩ ስልክ ላይ ይበላሻል» የሚል እንግዳ ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መድኃኒቱ ስፋቱን በሚሊ ሜትር አስቦ ለየስልኩ ወደ ፒክስል መመንዘር ነው። ብዙ የሞባይል ጌሞች በሚሠሩበት በዩኒቲ ሁለት መስመር ይበቃል፦

```
float mm = Screen.dpi / 25.4f;
float jumpSize = 15f * mm;
```

`Screen.dpi` ስልኩ በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንዳለው ይናገራል፤ 25.4 ደግሞ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው ሚሊ ሜትር ነው። ጥንቃቄ የሚሻው አንዳንድ መሣሪያ ቁጥሩን ሳያውቀው ሲቀር ዜሮ መመለሱ ነው። ዜሮ ሲመጣ የሚያዝ ምትክ ቁጥር ካልተዘጋጀ ቁልፉ ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል።

ከስልክ ወደ ታብሌት ሲታለፍ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል። ቁልፉ «ከስክሪኑ ስፋት አሥር በመቶ» ተብሎ ከተለካ ታብሌቱ ላይ ያብጣል፤ የቁልፎቹ መሀልም ከስክሪኑ ጠርዝ ይርቃል። የተጫዋቹ አውራ ጣት ግን ስክሪኑ ስለሰፋ አይረዝምም።

ጣት የት ይደርሳል?

ስቲቨን ሁበር የተባለ ዲዛይነር በ2013 ባሳተመው ጥናት ሰዎች በአውቶቡስ ማቆሚያ፣ በካፌና በመንገድ ላይ ስልካቸውን እንዴት እንደሚይዙ 1,333 ጊዜ ተመልክቶ መዝግቧል። ስክሪኑን ሲነኩ ከታዩት 49 በመቶው በአንድ እጅ ይዞ ይነካል፤ 36 በመቶው በአንድ እጅ ደግፎ በሌላው ይነካል፤ በሁለት እጅ ይዞ በሁለቱም አውራ ጣት የሚነካው 15 በመቶው ብቻ ነው። ይህ ስለ ተራ የስልክ አጠቃቀም የተወሰደ ነው። የፍልሚያ ጌም ሲከፈት ግን ያ የ15 በመቶው አያያዝ ዋና ይሆናል፦ ስልኩ ይጋደማል፣ ሁለቱ መዳፎች ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል፣ አራት አራት ጣት ከኋላ ይደግፋል፣ ከመስታወቱ በላይ ነፃ የሚሆኑት ሁለት አውራ ጣቶች ብቻ ናቸው።

አውራ ጣት የሚዞረው ከግርጌው ነው፤ ግርጌው ደግሞ በዚህ አያያዝ ከስልኩ ጠርዝ ውጭ፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አይሠራም፤ ልክ እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ ቅስት ይስላል። ቅስቱ መሀል ያለው ቦታ ሳይለፉ የሚደርሱበት ነው። ከቅስቱ በላይ ያለው ቦታ መንጠራራት ይጠይቃል፤ ሲንጠራሩ ደግሞ መዳፍ ስልኩን ይለቃል፣ ስልኩም ይወዛወዛል።

ብዙዎች የሚስቱት የቀረበ ሁሉ ይመቻል ብለው ነው። የስክሪኑ ታችኛ ጥግ ለጣቱ ግርጌ እጅግ ቅርብ ነው፤ እዚያ ለመጫን ግን ጣት ወደ ኋላ ታጥፎ መቆልመም አለበት። በዚያ አኳኋን አሥር ደቂቃ የተጫወተ ሰው አንጓው ይነግረዋል። ዋናው ቁልፍ ከጥጉ ወደ ውስጥም ወደ ላይም ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ሲል ጣቱ ቀለል ብሎ ተዘርግቶ ያርፍበታል።

«ሞባይል ሌጀንድስ»ን የተጫወተ ሰው ይህን ንድፍ በዓይኑ ያውቀዋል። በስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ትልቁ የጥቃት ቁልፍ አለ፤ የልዩ ችሎታ ቁልፎቹ ከሱ ግራና ላይ በቅስት ይደረደራሉ። አውራ ጣቱ ትልቁ ላይ ያርፋል፤ ችሎታ ሲፈልግ ከዚያ ትንሽ ጎንበስ ወይም ቀና ብሎ ይመለሳል። በቀጥታ መስመር ቢደረደሩ ኖሮ የመጨረሻውን ለመድረስ መላ እጁን ማንቀሳቀስ ይኖርበት ነበር።

ጠርዞቹ ደግሞ ሌላ ባለቤት አላቸው። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ከግራ ወይም ከቀኝ ጠርዝ ወደ ውስጥ ማንሸራተት «ተመለስ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከአይፎን ኤክስ ወዲህ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ማንሸራተት ከመተግበሪያው ያስወጣል። ጠርዙ ሥር ጆይስቲክ ያስቀመጠ ሰው ተጫዋቹን በፍልሚያው መሀል ከጌሙ ያባርረዋል። የካሜራ ቀዳዳውም ስልኩ ሲጋደም ከግራ ወይም ከቀኝ ይውላል። ዩኒቲ ውስጥ `Screen.safeArea` የሚባለው ከካሜራው ቀዳዳና ከክብ ጥጎቹ ነፃ የሆነውን አራት ማዕዘን ይሰጣል፤ የቁልፎች ርቀት መቆጠር ያለበት ከዚያ ነው።

ሆን ተብሎ የሚርቅ ቁልፍም አለ። ጨዋታውን የሚያቆመው ምልክት ከላይ፣ ከሁለቱም አውራ ጣቶች ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ማንም አይቆጣም። እሱን የሚፈልግ ሰው ለማቆም የቆረጠ ነው፤ በስህተት ሲነካ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

አንድ ጨዋታ በሚሊ ሜትር

የሚሮጥ፣ የሚዘልና በዱላ የሚመታ አንድ እረኛ ያለበት ጌም እናስብ። ስክሪኑ ያው የ6.6 ኢንች ነው፤ ሲጋደም ርዝመቱ 153፣ ቁመቱ 69 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ከቀኝ እንጀምር። በብዛት የሚጫነው ዝላይ ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ስፋት፣ 15 ሚሊ ሜትር፣ ይወስዳል። መሀሉ ከቀኝ ጠርዝ 22፣ ከታች ጠርዝ 20 ሚሊ ሜትር ላይ ይሁን። ምት 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከዝላይ በስተግራ ትንሽ ዝቅ ይላል፦ ከቀኝ 40፣ ከታች 15። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስፈልገው ልዩ ኃይል 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከዝላይ በላይ ይወጣል፦ ከቀኝ 17፣ ከታች 38። እንዲህ ሲሆን በየሁለቱ ቁልፎች ጠርዝ መካከል ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። የማይታየው ንክኪ ተቀባይ ቦታ ለእያንዳንዱ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ሲሰፋ ባዶው ቦታ ይከፋፈላል፤ አንዱ በሌላው ላይ ግን አይወጣም። ስለዚህ ጣት በሁለቱ መካከል ቢያርፍም ወደ ቀረበው ይቆጠራል፤ ባክኖ የሚቀር ንክኪ የለም ማለት ይቻላል።

የግራው እጅ ጆይስቲክ ነው። አንድ ቦታ ላይ የተቸነከረ ጆይስቲክ ሲታይ ያምራል፤ ጣት ግን ተነስቶ ሲመለስ ከመሀሉ ላይ በትክክል አያርፍም። መሀሉን በአራት ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ የሳተ ጣት ለጌሙ «ወደ ቀኝ ሂድ» ያለ ይመስለዋል፤ እረኛው ሳይታዘዝ ይራመዳል። ለዚህ ነው ብዙ ጌሞች ተንሳፋፊ ጆይስቲክ የሚመርጡት። በግራ በኩል 60 በ45 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ሰፊ ቦታ ይከለላል፤ ጣት በዚያ ውስጥ የትም ቢያርፍ ያረፈበት ነጥብ መሀል ይሆናል። ከመሀሉ እስከ ዳር 11 ሚሊ ሜትር፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የጣት መንቀጥቀጥ እንዳይቆጠር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ድንዙዝ ቦታ ይተዋል። ጣቱ ከዳር አልፎ ከሄደ መሀሉ ራሱ ይከተለዋል፤ ያለበለዚያ ተጫዋቹ አቅጣጫ ለመመለስ የሄደበትን መንገድ ሁሉ መልሶ መጓዝ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ በእጅ የሚያዝ ስህተት አለ። ሠሪው ብቻውን ሲሞክር ሁሉ ደኅና ነው፤ ጓደኛው ሲጫወት ግን በዘለለ ቁጥር እረኛው በድንገት ወደ ቀኝ ይፈተለካል። ምክንያቱ ኮዱ ጆይስቲኩን «የመጀመሪያው ንክኪ» ከሚለው ዝርዝር በማንበቡ ነው። ሠሪው ሁልጊዜ ግራ ጣቱን አስቀድሞ ያሳርፋል፤ ጓደኛው ግን መጀመሪያ ይዘልላል፣ ስለዚህ የዝላዩ ጣት የመጀመሪያ ሆኖ ጆይስቲኩን ይነዳል። እያንዳንዱ ጣት ሲያርፍ ስልኩ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዩኒቲ ውስጥ `fingerId` ይባላል። ጆይስቲኩ የራሱን ጣት መለያ ይዞ እስኪነሳ ድረስ ሌላውን ሁሉ ችላ ማለት አለበት።

የቁልፉ ሰዓትም እንደ ቦታው ይታሰባል። የስልክ ምናሌዎች ብዙውን ጊዜ ትእዛዝ የሚፈጽሙት ጣት ሲነሳ ነው፤ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ጣቱን ሳያነሳ ወደ ጎን አንሸራትቶ ያመልጣል። ለመግዣ ቁልፍ ይህ ትክክል ነው። ዝላይ ግን ጣት መስታወቱን እንደነካ ካልተፈጸመ እረኛው የደነዘዘ ይመስላል፤ ተጫዋቹም «ስልኬ ይዘገያል» ብሎ ይደመድማል።

ቁልፎቹ ቦታ ከያዙ በኋላ ጌሙ ራሱ መታየት አለበት። እረኛው ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ጅቡም የሚመጣው ከቀኝ ነው። ያ ቦታ ደግሞ የተጫዋቹ ቀኝ አውራ ጣት ያረፈበት ነው! ጅቡ ከጣቱ ሥር ወጥቶ ሲታይ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ እረኛው የሚሮጥበት መሬት ከስክሪኑ ታች 30 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ እረኛውም ወደ ግራው ሲሶ ይጠጋል፤ ከፊቱ ያለው መንገድ ከጣቱ በላይ ይገለጣል። ከሥር የሚቀረው ጣቶች የሚሸፍኑት አፈርና ሣር ብቻ ይሆናል።

ይህ ሁሉ በ5 ኢንች ስልክ ላይ ይጠባል። የዚያ ስክሪን ርዝመት 111 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቁልፎቹ ከቀኝ 46 ሚሊ ሜትር ይወስዳሉ፤ የጆይስቲኩ ቦታ ወደ 44 ቢቀነስ መሀል ላይ የሚቀረው 20 ያህል ነው። ቁልፎቹን ማሳነስ ቀላሉ መውጫ ይመስላል፤ ጣት ግን አብሮ አያንስም። የተሻለው ልዩ ኃይልን ከቁልፍነት አውጥቶ ለሌላ ንክኪ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ የምት ቁልፉን ይዞ ማቆየት።

ስህተቱ እንዴት ይታያል?

የመጀመሪያው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። የስልኩ መስታወት በጨርቅ ተጠርጎ ጌሙን ለማያውቅ ሰው ይሰጠዋል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይጫወታል። ከዚያ ስክሪኑ ይጠፋና ስልኩ ወደ ብርሃን ገደም ብሎ ይታያል። የጣት ወዙ ታሪኩን ጽፎታል። በግራ በኩል ክብ የሆነ ደብዛዛ ጥፍጥፍ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ሁለት ሦስት ወፈር ያሉ አሻራዎች ይታያሉ። አሻራው ቁልፉ የነበረበት ቦታ መሀል ላይ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ወደ ታች ወይም ወደ ውስጥ ካዘነበለ፣ ቁልፉ ወደ አሻራው መሄድ አለበት።

ቀጣዩ በአንድሮይድ ስልክ የገንቢ ምርጫዎች ውስጥ ያለው `Show taps` ነው። ሲበራ ጣት በነካ ቁጥር ስልኩ ያሰላው ነጥብ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ `Pointer location` ደግሞ መንገዱን በመስመር ይስላል። ይህ በርቶ ስክሪኑ በቪዲዮ ሲቀረጽ «ጫንኩት» እና «አልተጫነም» የሚለው ክርክር ያበቃል፤ ነጥቡ የት እንዳረፈ በግልጽ ይታያል።

ጌሙ በብዙ ሰው እጅ ሲገባ ደግሞ ቁልፍ የሳቱ ንክኪዎችን መመዝገብ ይቻላል። ዋጋ ያለው የትኛውም ቁልፍ ሳይቀበለው ከአንዱ ቁልፍ አምስት ሚሊ ሜትር ውስጥ ያረፈ ንክኪ ነው፤ በተለይ ተጫዋቹ ወዲያው ደግሞ ከነካ የመጀመሪያው ስህተት እንደነበር አያጠራጥርም። እነዚህ ነጥቦች በአንድ ሥዕል ላይ ሲደራረቡ ሄንዘ ያገኘው ዓይነት ማዘንበል ይወጣል። ነጥቦቹ በቁልፉ ዙሪያ በእኩል ከተበተኑ ቁልፉ ጠቧል ማለት ነው፤ በአንድ ወገን ከተከማቹ ግን ስፋቱ ደኅና ነው፣ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ቁልፉን መተው

አንዳንድ ጌሞች ችግሩን የፈቱት ቁልፍን ጨርሶ በማስወገድ ነው። በ2013 የወጣው የቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን «ፍላፒ በርድ» መላ ስክሪኑን አንድ ቁልፍ አደረገው፤ ስለዚህ ቦታ መሳት የሚባል ነገር አልነበረም፣ የሚሳተው ሰዓቱ ብቻ ነው። «ሰብዌይ ሰርፈርስ» የማንሸራተቻውን አቅጣጫ እንጂ ቦታውን አይጠይቅም፤ ጣት የትም ይነሳ፣ ወደ ላይ ከሄደ ዝላይ ነው። ዶሮ ከአሳዳጇ የምትሸሽበት የአገራችን «ኩኩሉ»ም የዚሁ የሩጫ ጨዋታ ዘመድ ናት። ኒንቴንዶ በ2016 «ሱፐር ማሪዮ ራን»ን ሲያወጣ ለአሥርት ዓመታት በመስቀል ቅርጽ ቁልፍ ሲነዳ የኖረውን ማሪዮን በራሱ እንዲሮጥ አደረገው፤ ለተጫዋቹ የተተወለት ስልኩን አቁሞ በአንድ አውራ ጣት ማዘለል ነው።

ተኳሽ ጌሞች ግን እንዲህ ሊቀልሉ አይችሉም፤ መራመድ፣ ማነጣጠር፣ መተኮስና መጎንበስ በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። «ኮል ኦፍ ዲዩቲ ሞባይል» ለዚህ ሁለት አማራጭ ሰጥቷል፦ በቀላሉ አማራጭ ዒላማው ጠላት ላይ ሲያርፍ ጠመንጃው ራሱ ይተኩሳል፣ በሌላው ተጫዋቹ ራሱ ይጫናል። «ፐብጂ ሞባይል» ደግሞ የመተኮሻ ቁልፍን በግራም በቀኝም ያስቀምጣል፤ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቦታ፣ መጠንና ድምቀት ተጫዋቹ እንዲለውጥም ይፈቅዳል። ከዚህ የተነሳ ሠሪዎቹ ያላሰቡት አያያዝ ተወልዷል። የለመዱት ተጫዋቾች ሌባ ጣቶቻቸውን ከስልኩ በላይ እንደ ጥፍር ቆልምመው የመተኮሻና የማነጣጠሪያ ቁልፎቹን ወደ ላይኛው ጥጎች ያወጣሉ፤ አውራ ጣቶቻቸው ለመራመድና ለማየት ብቻ ነፃ ይሆናሉ። ለሁለት አውራ ጣት ቅርብ የነበረው ቦታ ለአራት ጣት ተጫዋች ሌላ ነው።

ቢሆንም ቅንብሩን ከፍቶ ቁልፍ የሚያንቀሳቅሰው የለመደው ተጫዋች ነው። አዲሱ ሰው በተሰጠው ይጫወታል፤ ካልተመቸው ጌሙን ያጠፋል። ስለዚህ ጌም ሠሪው በሚሊ ሜትር መልፋት ያለበት ለመነሻው አቀማመጥ ነው። ለግራኝ ተጫዋች የተገለበጠ አቀማመጥ አብሮ ሲሰጥም ሥዕሉን እንደ መስታወት መገልበጥ ብቻ አይበቃም። የካሜራው ቀዳዳ በየትኛው ጎን እንደሚውል፣ የዝላዩ ቁልፍ ከአዲሱ ጠርዝ ያው 22 ሚሊ ሜትር መራቁ፣ ጅቡም አሁን ከየትኛው አውራ ጣት ሥር እንደሚወጣ ዳግም መታየት አለበት።